ለቅድመ ትዕዛዝ የቆዳ ቦርሳ ካፕሽን፦ ቀብድ፣ የሥራ ጊዜና ርክክብ

ጥያቄ፦ «የቆዳ ቦርሳ በእጅ እሠራለሁ፤ አንድ ረዳት አለኝ። ለገና ቅድመ ትዕዛዝ በቴሌግራምና በኢንስታግራም ልቀበል ነው። ቀብዱን፣ የሚወስደውን ጊዜና የማድረሱን ጉዳይ በአንድ ካፕሽን እንዴት ልጻፈው? ደንበኛ እንዳይሸሽ፣ በኋላም ጭቅጭቅ እንዳይነሳ እፈልጋለሁ። ቀብድስ ስንት ላድርግ?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የቀብዱ መጠን ካልታወቀ ሌላው ሊጻፍ አይችልም። ብዙ ሰው «ግማሽ ይሁን» ብሎ በልማድ ይወስናል። ግማሽ አንዳንዴ ይበቃል፣ አንዳንዴ አይበቃም። መለኪያው አንድ ነው፦ ደንበኛው ቀብድ ከፍሎ ቢጠፋ እጅዎ ላይ የሚቀረው ኪሳራ ስንት ነው?

ይህ የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው። በ1952 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ደንግጓል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ይታሰባል። የተለየ ስምምነት ከሌለ ደግሞ ቀብድ ሰጪው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ቀብድ ተቀባዩም ማፍረስ ይችላል፣ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እዚህ ውስጥ ለእርስዎ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ደንበኛው ሐሳቡን ቢቀይር ቀሪውን እንዲከፍል ማስገደድ ያስቸግርዎታል፤ ስለዚህ ቀብዱ ብቻውን ኪሳራዎን መሸፈን አለበት። ሁለተኛ፣ 3,000 ብር ተቀብለው «ቆዳ ተወደደብኝ፣ አልሠራም» ቢሉ ደንበኛው 6,000 ሊጠይቅዎ ይችላል። ሁለቱም «የተለየ ስምምነት ከሌለ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ያ የተለየ ስምምነት የሚጻፈው እዚሁ ካፕሽን ውስጥ ነው። ደንበኛው ቢሰርዝ ምን እንደሚሆን ብቻ ጽፈው እርስዎ ባይሠሩ ምን እንደሚሆን ዝም ካሉ፣ ዝም ያሉበትን ቦታ የሚሞላው ሕጉ ነው።

አሁን ሒሳቡ። 36 ሴንቲሜትር ወርድ፣ 28 ቁመት፣ 11 ጎን ያለውን የእጅ ቦርሳ እንውሰድ። የስፌት ትርፍ ተጨምሮ ፊትና ጀርባው እያንዳንዳቸው 38 በ30 ይቆረጣሉ፤ ሁለቱ 2,280 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናሉ። ጎንና ጎኑን ከታችኛው ጋር አያይዞ የሚዞረው አንድ ወጥ ቁራጭ 13 በ92 ነው፤ 1,196። ሁለቱ መያዣዎች 6 በ60 ሲሆኑ 720፣ የውስጥ ኪስ 20 በ16 ሲሆን 320። ድምሩ 4,516 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ቆዳ የሚሸጠው በስኩዌር ፊት ስለሆነና አንዱ 929 ካሬ ሴንቲሜትር ስለሆነ 4.9 ገደማ ይመጣል። ግን ቆዳ እንደ ጨርቅ አራት ማዕዘን አይደለም፤ የሆድና የእግር አካባቢው ይለጠጣል፣ ጠባሳና የመዥገር ምልክት ያለበትን ቦታ ዘልለው ይቆርጣሉ። ለዚህ 30 በመቶ ይጨምሩ፤ 6.3 ስኩዌር ፊት ይሆናል።

የሚከተሉት ዋጋዎች ለማስላት ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ የራስዎን ደረሰኝ ይተኩባቸው። አንዱ ስኩዌር ፊት በ270 ብር ቢታሰብ ቆዳው 1,700 ብር ገደማ ነው። ገበር 300፣ ዚፕ፣ ዘለበትና ቀለበት 450፣ ክር፣ ሙጫና የጠርዝ ቀለም 150። ጠቅላላ 2,600 ብር። ቦርሳው በ6,000 ብር የሚሸጥ ከሆነ የጥሬ ዕቃው ድርሻ 43 በመቶ ነው ማለት ነው። 30 በመቶ ቀብድ ቢቀበሉ 1,800 ብር ያገኛሉ፤ በእያንዳንዱ ቦርሳ 800 ብር ከኪስዎ ያወጣሉ። ለዚህ ገና 16 ቦርሳ ብቻ ትቀበላላችሁ እንበል፤ ለ16ቱ ይህ 12,800 ብር ነው፤ ለደንበኞችዎ በብድር እየሠሩላቸው ነው። 50 በመቶ ሲሆን 3,000 ብር ይገባል፤ ጥሬ ዕቃው ይሸፈናል፣ 400 ብር ደግሞ ለቆረጣው ጉልበት ይተርፋል። ደንበኛው ቢጠፋ ጥቁር ወይም ቡናማ ቦርሳ ሌላ ሰው ይገዛዋል፤ ስለዚህ ለእርስዎ ግማሽ በቂ ነው። ስም ወይም ፊደል የሚታተምበት ግን ሌላ ነው። የሌላ ሰው ስም ያለበትን ቦርሳ የሚገዛ የለምና ለእሱ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ይጠይቁ።

ካፕሽኑ ላይ ቀብዱን በመቶኛ ሳይሆን በብር ይጻፉ። «50 በመቶ ቀብድ» የሚል ሰው ማተሚያውን ወይም ማድረሻውን ይጨምር አይጨምር ጥያቄ ያስነሳል፤ «ቀብድ 3,000 ብር» አያስነሳም። ዋጋውንም በግልጽ ይጻፉ። «ለዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ለቅድመ ትዕዛዝ በተለይ አይሆንም፦ ሰው ገና ያልተሠራ ነገር ላይ ገንዘብ ሊከፍል ነው፣ ዋጋውን ደብቀው እምነት ሊጠይቁት አይችሉም።

ቀብድ ተከፈለ የሚባለውም መቼ እንደሆነ መጻፍ አለበት። የቴሌብር ወይም የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኝ ምስል ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፤ በስልክ ላይ ተስተካክሎ ሊላክ ይችላል፣ ከባንክ የመጣ የሚመስል የጽሑፍ መልእክትም እንዲሁ። የራስዎን ሒሳብ ከፍተው ገንዘቡን ሲያዩ፣ የግብይት ቁጥሩንም ሲያመሳክሩ ብቻ የትዕዛዝ ቁጥር ይስጡ። ካፕሽኑ «ትዕዛዝዎ የሚጸናው የትዕዛዝ ቁጥር ስንልክልዎ ነው» ካለ፣ ምስል ልኮ ዝም ያለ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ «ቦርሳዬስ?» ብሎ ሲመጣ መልሱ አስቀድሞ ተጽፏል። አስራ ሰባተኛ ሆኖ ገንዘብ ያስገባውን ሰውም በዚያው ቀን ይመልሱለታል።

ወደ ጊዜው ስንመጣ፣ ጭቅጭቅ በብዛት የሚነሳው ከዚህ ነው። «ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ደንበኛው ቀብድ ከከፈለበት ሰዓት ይቆጥረዋል፤ እርስዎ ደግሞ ሥራውን ከጀመሩበት ቀን። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሩ መነሻውን አልተናገረምና። «20 የሥራ ቀን» ቢሉም አይፈታም፤ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው ወይ? ኅዳር 12 ሚካኤል፣ ኅዳር 21 ጽዮን ረዳትዎ ይገባል ወይ? ደንበኛው ይህን ሊያውቅ አይችልም፣ ማወቅም የለበትም። በእናንተ ሁኔታ፣ ማለትም ትዕዛዙ ለአንድ በዓል ሆኖ በአንድ ዙር ሲሠራ፣ የሚሻለው የቀን ብዛትን ትቶ ቀኑን ራሱን መጻፍ ነው።

ቀኑ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይወጣል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው። ሁለት ሰው በእጅ እየሰፋችሁ በሳምንት 4 ቦርሳ ታወጣላችሁ እንበል። በአንድ ሰው ፍጥነት አያስሉት፤ ቦርሳ እያደረቃችሁ ሌላ ስለምትቆርጡ ትክክለኛው ቁጥር ባለፈው ወር በሳምንት ስንት ጨርሳችሁ እንዳስረከባችሁ ነው። 16 ቦርሳ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ትዕዛዝ ጥቅምት 30 ቢዘጋ፣ ኅዳር 1 እና 2 ቆዳ ቢገዙ፣ ኅዳር 3 ቆረጣ ቢጀመር፣ አራቱ ሳምንት ታኅሣሥ 1 ያበቃል። አንድ ሳምንት መጠባበቂያ ይጨምሩ፤ ታኅሣሥ 8። መጠባበቂያው ስንፍና አይደለም፦ መብራት ሲጠፋ የጠርዝ መሳሻው ማሽን ይቆማል፣ አንድ ዚፕ ከተሰፋ በኋላ ሲነክስ ቦርሳው መፈታት አለበት፣ የጠርዝ ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ስለሚቀባና እያንዳንዱ ካልደረቀ ሌላው ስለማይቀባ ሊቸኮልበት አይችልም። ቸኩለው ያልደረቀ ጠርዝ ላይ የደገሙት ቀለም በወሩ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ጥገናው በእርስዎ ነው።

ስለዚህ ርክክቡ ከታኅሣሥ 8 እስከ 14 ይሁን። ከዚያ ማሳለፍ የማይመከረው በሌላም ምክንያት ነው፤ ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ስለሆነ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው መኪና ሁሉ ይሞላል፣ ዕቃ መላክም ይዘገያል። አሁን ደግሞ አንድ የመጨረሻ ቀን ያስቀምጡ፦ ታኅሣሥ 21። እስከዚያ ካላስረከቡ ደንበኛው ገንዘቡን መውሰድ ይችላል። ከገና በፊት አንድ ሳምንት ስለሚቀረው ሌላ ስጦታ ይገዛበታል። ይህን ቀን መጻፍ የሚያስፈራ ይመስላል፤ ግን ለማያውቅዎ ሰው 3,000 ብር እንዲያስተላልፍ የሚያደፋፍረው ከካፕሽኑ ሁሉ ይህ ዐረፍተ ነገር ነው።

የትዕዛዝ መዝጊያው ቀን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ ቆዳውን በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ የቀለም ዙር መግዛት መቻልዎ ነው፤ ለ16 ቦርሳ 101 ስኩዌር ፊት ገደማ። በየሳምንቱ እየተንጠባጠቡ ቢገዙ የዛሬው ቡናማና የወር በኋላው ቡናማ ይለያያሉ፤ ፋብሪካው ራሱ በየዙሩ ያንኑ ቀለም አይደግምም። ሁለተኛው ለመሰረዝ ግልጽ መስመር መስጠቱ ነው፦ ቆዳ ከመገዛቱ በፊት የሰረዘ ሰው ምንም አላከሰረዎትም፣ ስለዚህ ሙሉውን ይመልሱለት። ከዚያ በኋላ የሰረዘ ቀብዱን ያጣል። «ቀብድ በማንኛውም ሁኔታ አይመለስም» የሚለው ጨካኝ አጻጻፍ የሚያተርፍልዎ ነገር የለም፤ ደንበኛ ማባረር ብቻ ነው።

ውጭ አገር ያለ ሰው አዲስ አበባ ላሉ እናቱ ወይም እህቱ ሊያዝ ስለሚችል የመዝጊያውን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠርም ያክሉበት። ጥቅምት 30 ኖቬምበር 9 ነው፤ ታኅሣሥ 8 ዲሴምበር 17። ያለ ወር ስም «8/4» ብለው በቁጥር ብቻ አይጻፉ፤ አንዱ ታኅሣሥ 8 ሲል ሌላው ኤፕሪል 8 ወይም ኦገስት 4 ይለዋል። በዚህ ዓይነት ትዕዛዝ የከፈለውና የሚረከበው የተለያዩ ሰዎች ናቸውና የተረካቢውን ስምና ስልክ ከመጀመሪያው ይጠይቁ።

ስለ ማድረስ ሦስት ነገር ከተጻፈ ይበቃል፦ የማጓጓዣውን ማን ይከፍላል፣ ቀሪው ገንዘብ መቼ ይከፈላል፣ ካልተረከበስ። አዲስ አበባ ውስጥ በሞተረኛ ሲላክ ዋጋው በርቀት ይለያያልና ሒሳቡ የደንበኛው መሆኑን ይጻፉ፤ ትክክለኛውን መጠን ከመላክዎ በፊት በመልእክት ይነግሩታል። «ነፃ ዴሊቨሪ» ብሎ ጽፎ በኋላ አያትና ለገጣፎን ማስቀረት የተለመደ ስህተት ነው። ቀሪው ክፍያ አዲስ አበባ ላይ ቦርሳውን ካየ በኋላ ይሁን፤ ሞተረኛው ገንዘቡ ሒሳብዎ መግባቱን ከእርስዎ በስልክ ሳይሰማ ቦርሳውን ትቶ እንዳይሄድ ይንገሩት። ለባሕር ዳር ወይም ለሐዋሳ ግን ዕቃው ከተላከ በኋላ መልሶ ማምጣት ስለሚያስቸግር ቀሪው ከመላኩ በፊት ይከፈላል። ለዚህ ፍትሐዊ የሚሆነው የተጠናቀቀውን ቦርሳ በቀን ብርሃን ቪዲዮ ቀርጸው መላክዎ ነው፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጠርዙን፣ ዚፑ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ከጎኑም የትዕዛዝ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት። ቪዲዮው በኋላ «የመጣው ሌላ ነው» ለሚል ክርክርም መልስ ነው። በፖስታ ቤት ቢልኩም በመናኸሪያ፣ የመላኪያውን ደረሰኝ ፎቶ በዚያው ቀን ያስተላልፉ።

ይህ ሁሉ ሲሰበሰብ ካፕሽኑ እንዲህ ይሆናል፦

«ለገና በእጅ የተሰፋ የላም ቆዳ ቦርሳ፤ ዋጋ 6,000 ብር፣ ቀብድ 3,000 ብር፣ ርክክብ ከታኅሣሥ 8 እስከ 14 (ዲሴምበር 17–23)።

ወርድ 36፣ ቁመት 28፣ ጎን 11 ሴ.ሜ። ቡናማ ወይም ጥቁር። 16 ቦርሳ ብቻ፤ ትዕዛዝ ጥቅምት 30 (ኖቬምበር 9) ማታ ይዘጋል።

ቀብድ፦ ትዕዛዝዎ የሚጸናው ገንዘቡ ገብቶ የትዕዛዝ ቁጥር ስንልክልዎ ነው። ቀብዱ ከዋጋው ላይ ይታሰባል። እስከ ጥቅምት 30 ቢሰርዙ ሙሉው ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ አይመለስም። እኛ መሥራት ካልቻልን፣ ወይም እስከ ታኅሣሥ 21 ሳናስረክብ ቀርተን መጠበቅ ካልፈለጉ፣ የከፈሉትን በሙሉ በ3 ቀን ውስጥ እንመልሳለን። ስም ለሚታተምበት ቦርሳ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ።

ርክክብ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተረኛ፤ የሞተረኛውን ሒሳብ ደንበኛው ይከፍላል። ቀሪውን 3,000 ብር ቦርሳውን አይተው ሲረከቡ ይከፍላሉ። ከአዲስ አበባ ውጭ፣ ቪዲዮውን አይተው ቀሪውንና የመላኪያውን ከከፈሉ በኋላ በ2 የሥራ ቀን እንልካለን። ቦርሳው ማለቁን ከነገርንዎ በኋላ በ15 ቀን ካልተረከቡ ትዕዛዙ ይሰረዛል፤ ቀብዱ አይመለስም።

የተፈጥሮ ቆዳ ስለሆነ ትናንሽ ጭረትና መጠነኛ የቀለም ልዩነት ይኖረዋል። ስፌት፣ ዚፕ ወይም ዘለበት ቢበላሽ ለ3 ወር በነፃ እናድሳለን።

ለማዘዝ ቀለም፣ የሚረከበውን ሰው ስም፣ ስልክና ሰፈር በመልእክት ይላኩልን።»

ዋጋ፣ ቀብድና ርክክብ በመጀመሪያው መስመር የገቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንስታግራም የካፕሽኑን መጀመሪያ ብቻ አሳይቶ የቀረውን ያጥፈዋል፤ ብዙ ሰው አይከፍተውም። «ውበትና ጥራት በአንድ ላይ» ብሎ የሚጀምር ካፕሽን ያንን ውድ መስመር አቃጥሎታል፤ ውበቱን ፎቶው ያሳያል። ርዝመቱን በተመለከተ ኢንስታግራም እስከ 2,200 ፊደልና ምልክት ይቀበላል። ቴሌግራም ላይ ግን ክፍያ ለሌለው አካውንት ከፎቶ ጋር የሚሄድ ጽሑፍ ጣሪያው 1,024 ነው፤ ከላይ ያለው ለሁለቱም ይገባል። ሌላ የሚጨምሩት ካለ በቴሌግራም ከፎቶው ቀጥሎ ለብቻው ይለጥፉት።

ስለ ጭረትና ቀለም የተጻፈችውን ዐረፍተ ነገር ለማምለጫ እንዳይጠቀሙባት። የመዥገር ነጥብ ወይም የዳነ ጭረት የተፈጥሮ ምልክት ነው፤ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ፣ በነጭ ጨርቅ ሲታሽ ቀለም የሚለቅ ቆዳ ግን ብልሽት ነው፣ ደንበኛው ቅር ቢለው ትክክል ነው። ቆዳውን ከመቁረጥዎ በፊት በደረቀና በረጠበ ነጭ ጨርቅ አሽተው ይፈትሹት። ፎቶው ላይ ያለው ናሙና በሌላ ዙር ቆዳ የተሠራ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ቆዳ በተገዛ ዕለት የቁራጩን ፎቶ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ይላኩ፤ «ይህ ቀለም አይሆነኝም» የሚል ካለ ከመቆረጡ በፊት ይሰማል። የዚያን ሰው ቀብድ ቀኑ ቢያልፍም ይመልሱ፤ የቀየሩት እርስዎ ነዎት።

አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ካፕሽኑን አይነካኩት። ቴሌግራም ላይ የተስተካከለ ጽሑፍ ምልክት ይወጣበታል፣ ደንበኛው ደግሞ የድሮውን ፎቶ አንስቶት ሊሆን ይችላል። የሚቀየር ነገር ካለ አዲስ ማስታወቂያ ይለጥፉ፤ ለውጡም ከዚያ በኋላ የሚያዙትን ብቻ ይመለከታል። የትዕዛዝ ቁጥር ሲልኩ ደግሞ የካፕሽኑን የቀብድና የርክክብ ክፍል ገልብጠው አብረው ይላኩና «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ ይጠብቁ። ካፕሽን ለሁሉም የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፤ ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጋር የተስማሙበትን የሚያሳየው ያ የመልእክት ልውውጥ ነው።